«እኔ አልጠቆምኩም»፦ ስልክ ለማያነሳ ኃላፊ የተጻፈ አንድ መልእክት

በ2017 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ አምራች ድርጅት የፋይናንስ ዋና ኃላፊ እንድፈልግለት ውል ተዋዋልን። ባለቤቶቹ በሁለት ዓመት ውስጥ አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ አስበዋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሥራ ጀምሯል። ወደ ገበያው ለመግባት ደግሞ ሂሳብን በወጉ አዘጋጅቶ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፊት መቆም ይጠይቃል። የድርጅቱ ሂሳብ ሹም ጎበዝ ሰው ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልፎበት አያውቅም።

ሳፈላልግ አንድ ስም ደጋግሞ መጣ። አንድ ባንክ ውስጥ የፋይናንስ ከፍተኛ ኃላፊ ነው። የጠየቅኳቸው ሦስት ኦዲተሮች ሳይመካከሩ ያነሱት እሱን ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም ስለማይርቅ እዚህ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ችግሩ ሰውየውን ማግኘት ነበር። ሊንክድኢን ላይ ገጽ አለው፤ የመጨረሻ ጽሑፉ ግን ከዓመታት በፊት የተለጠፈ ነው። እዚያ የላክሁለት መልእክት ሦስት ሳምንት ሳይከፈት ቆየ። የቢሮ ስልኩን የምታነሳው ጸሐፊው ናት። ደወልኩ። «ስለምን ጉዳይ ነው?» አለችኝ። «የግል ጉዳይ ነው» አልኩና ስሜንና ቁጥሬን ተውኩላት።

ይህ ስህተት ነበር። ስሜን ጎግል ላይ የፈለገ ሰው ሥራዬ ምን እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ያውቃል። የባንክ ቢሮ ውስጥ «ሪክሩተር ለአለቃችን ደወለች» የሚል ወሬ ለመነሳት ደግሞ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ሰውየው ምንም ሳያደርግ በሥራ ባልደረቦቹ ሊጠረጠር ይችል ነበር። ደግነቱ ጸሐፊዋ ጨዋ ሆና ወሬው ከእሷ አላለፈም። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ በቀጥታ መሞከሩን ተውኩ። ሁለታችንንም የሚያውቅ ሰው መፈለግ ጀመርኩ።

ሊንክድኢን የጋራ የምናውቃቸውን ሰዎች ቁጥር ያሳያል፤ የእኛ 14 ነበሩ። ቁጥሩ ግን ብዙ አይናገርም። ከ14ቱ አብዛኞቹ አንድ ስብሰባ ላይ ካርድ የተለዋወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ቢደውል ኃላፊው ስልኩን ያነሳል? በዚህ ወንፊት ሳሳልፋቸው ሦስት ብቻ ቀሩ።

የመጀመሪያው የደንበኛዬ የቦርድ አባል ነበር። ኃላፊውን በቤተሰብ ያውቀዋል፤ አንድ ሰርግ ላይ ሚዜ ሆነው ቆመዋል። «እኔ ልደውልለት፣ በአንድ ቀን ይመጣልሻል» አለኝ። ደንበኛዬም ይህን ወደደው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። የቦርድ አባሉ ከደወለ የድርጅቱ ስም ያኔውኑ ታወቀ ማለት ነው። ከዚያም በላይ ኃላፊው እምቢ የሚለው ለሥራው ሳይሆን ለጓደኛው ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሰው «አይ» አይልም። «እስቲ አስብበታለሁ» ይልና ለሁለት ወር ይጠፋል። እንዲህ ያለ መጥፋት የፍለጋ ሥራን እንዴት እንደሚገድል በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ሁለተኛዋ እዚያው ባንክ በእሱ ሥር የምትሠራ ሴት ናት። እሷን መጠየቅ ጨርሶ የማይታሰብ ነበር። አለቃዋ ሊለቅ እንደሚችል እንድታውቅ ማድረግ ለእሷም ለእሱም ጭንቅ ነው።

ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የኦዲት ድርጅት ባለቤት ናቸው። ኃላፊው ዩኒቨርሲቲ እንደጨረሰ የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረው እሳቸው ዘንድ ነው። እስካሁን «ጋሼ» ይላቸዋል። እኔን የሚያውቁኝ ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ደንበኛዬ ሁለት ኦዲተሮች ስፈልግ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ እሱ ቢቀጠርም ባይቀጠርም ምንም የሚያገኙትም የሚያጡትም ነገር የለም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነበር።

ቅዳሜ ግንቦት 23 ቤታቸው ሄድኩ። በስልክ አልጠየቅኳቸውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። ቡና እየተፈላ ጉዳዩን አስረዳኋቸው። ከባንክ ውጪ የሆነ የፋይናንስ ኃላፊነት መሆኑን ነገርኳቸው። የድርጅቱን ስም ግን እንደማልነግራቸው ቀድሜ አሳወቅኳቸው። አልተቀየሙም። 

«ታዲያ ሽማግሌ አድርገሽ ልትልኪኝ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ። ሽማግሌ እሺ እስኪሉት ይለምናል። እኔ የምፈልገው እንዲለምኑልኝ አይደለም። ማን እንደሆንኩ ብቻ ይንገሩትና ቁጥሩን ልስጣት ወይ ብለው ይጠይቁልኝ። ‹አይስጧት› ካለ እዚያው ያበቃል።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። «ገንዘብ አለው?» አሉ። ለእሳቸው ክፍያ ካለ ማለታቸው ነው። የለም አልኳቸው። «ጥሩ። ቢኖር ኖሮ አልደውልም ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያገናኘው ሰው ኮሚሽን እንደሚበላ ኃላፊው ቢሰማ ጋሼ በእሱ ዓይን ደላላ ይሆናሉ። የሃያ ዓመት አክብሮት በአንድ ቀን ይረክሳል።

ከዚያ ልልክለት ያዘጋጀሁትን መልእክት አሳየኋቸው። አትሜ ይዤ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ይህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። በአቶ (የጋሼ ስም) ጥቆማ መሠረት ነው የምጽፍልዎ። ስለ ብቃትዎ ብዙ ነግረውኛል። በአንድ ታዋቂና በፍጥነት እያደገ ባለ ድርጅት ውስጥ ወርቃማ የሥራ ዕድል አለኝ። ደመወዙና ጥቅማጥቅሙ እጅግ ማራኪ ነው። በዚህ ሳምንት ለመገናኘት መቼ ይመችዎታል? ሲቪዎን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።»

«ጥቆማ» የሚለውን ቃል አክብበው ሰረዙት። «እኔ አልጠቆምኩም» አሉ። «ስሙን ይዘሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ይህን ቢያነብ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ‹ጋሼ፣ ስሜን ለሪክሩተር ሰጡ?› ይለኛል። ምን ልመልስለት? አልሰጠሁም ካልኩ አንቺ ዋሸሽ። ሰጥቻለሁ ካልኩ እኔ ዋሸሁ።»

ከዚህ ሁሉ ጉዳይ ለሌላ ሪክሩተር ልነግር የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ብዙዎቻችን «በእገሌ ጥቆማ» ብለን የምንጽፈው ክብደት ይሰጣል ብለን ነው። አንባቢው ግን ቃሉን ይመዝነዋል። ጥቆማ ማለት ያ ሰው ስለ እኔ አስቦ፣ ይሆነዋል ብሎ፣ ስሜን ሰጠ ማለት ነው። ፈቃድ ማለት ሌላ ነው፤ ያ ሰው ተጠይቆ «እሺ፣ ስሜን ጥሪ» አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ያነሰ ይመስላል። ሆኖም አንድ ስልክ ተደውሎ ሲጣራ ሳይፈርስ የሚቆመው እሱ ነው። ስልኩ ደግሞ ይደወላል። ከባድ ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው ሳያጣራ አይመልስም።

«ስለ ብቃትዎ ብዙ ነግረውኛል» የሚለውንም ሰረዙ። አልነገሩኝማ። ስለ ብቃቱ የነገሩኝ ሦስቱ ኦዲተሮች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ መጥራት አልችልም። «ወርቃማ» ላይ ሲደርሱ ምንም አላሉም፤ መስመር ብቻ አሰመሩበት። ሲቪ የምትለዋን አይተው «እሱ ሥራ ፈላጊ ነው እንዴ?» አሉ። ልክ ነበሩ። አንድን ሰው ራሴ ፈልጌ መጥቼ ማመልከቻ አምጣ ማለት ቦታችንን መገልበጥ ነው።

«በዚህ ሳምንት» የሚለውን እኔው ራሴ ሰረዝኩት። የባንኮች የሂሳብ ዓመት ሰኔ ላይ ይዘጋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ የባንክ ፋይናንስ ኃላፊን «በዚህ ሳምንት እንገናኝ» ማለት ሥራውን እንደማላውቅ ራሴ መመስከሬ ነው።

ጋሼ ማክሰኞ ግንቦት 26 ደወሉለት። በኋላ እንደነገሩኝ የተናገሩት ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፦ አንዲት ሪክሩተር ቤቴ መጥታ ነበር። ከዚህ በፊት ሁለት ልጆች አስቀጥራለች፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ፤ ቃሏንም ጠብቃለች። ለአንድ ሥራ ላነጋግርህ ትላለች፤ ድርጅቱን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቁጥርህን ልስጣት? እምቢ ብትል አልቀየምም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እኔ አልነገርኳቸውም። ራሳቸው ናቸው የጨመሯት። ሁሉንም ነገር የያዘችው እሷ ይመስለኛል።

እሱም የግል ቴሌግራም ቁጥሩን እንዲሰጡኝ ፈቀደ። «ከሥራ ሰዓት በኋላ ትጻፍልኝ፤ አትደውል» ብሎ ነበር። ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ማግኘት እችል ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ የማንም ቁጥር ሁለት ሰው ጠይቆ ይገኛል። ግን በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ «ቁጥሬን ከየት አመጣሽው?» ለሚል ጥያቄ የማላፍርበት መልስ ሊኖረኝ ይገባል። ወደ ባንኩ ኢሜይል ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው፤ የሥራ ኢሜይል የአሠሪው ንብረት ነው።

በነጋታው ረቡዕ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የላክሁለት ይህን ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። (ስሜ) እባላለሁ፤ የከፍተኛ ኃላፊዎች ቅጥር ላይ እሠራለሁ። አቶ (የጋሼ ሙሉ ስም) ትናንት አነጋግረውዎት በዚህ ቁጥር እንድጽፍ እንደፈቀዱ ነግረውኛል። አመሰግናለሁ።

የምጽፈው ስለ አንድ የፋይናንስ ዋና ኃላፊ ቦታ ነው። ድርጅቱ አዲስ አበባ ያለ አምራች ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አክሲዮን ለሕዝብ ለመሸጥ ይፈልጋል፤ ሂሳቡ ግን ገና ለዚያ አልደረሰም። የሚፈለገው ሰው ሥራ ይህን ክፍተት መዝጋት ነው።

ስሙን በጽሑፍ አላስቀምጥም። ከተነጋገርን በመጀመሪያው ደቂቃ እነግርዎታለሁ። አቶ (የጋሼ ሙሉ ስም) ድርጅቱን አያውቁም፤ እርስዎ የሚመልሱልኝንም ከእኔ አይሰሙም።

የሂሳብ ዓመት መዝጊያው እየቀረበ መሆኑን አውቃለሁ። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ለ20 ደቂቃ የስልክ ንግግር ጊዜ ቢሰጡኝ ይበቃኛል። ካልፈለጉት ‹አይሆንም› የምትል አንድ ቃል ትበቃለች፤ ስለዚህ ቦታ ዳግመኛ አልጽፍም።»

ስለ አንዳንዱ መስመር ልናገር። ጋሼን በሙሉ ስማቸው ነው የጠራኋቸው። «ጋሼ» ማለት የእሱ መብት ነው። እኔ በመልእክቱ «ጋሼ» ብላቸው የሌለኝን ቅርበት መዋስ ይሆናል፤ እሱም ወዲያው ይሰማዋል።

«ሂሳቡ ገና ለዚያ አልደረሰም» የሚለውን ደንበኛዬ መጀመሪያ አልወደደውም። «ድክመታችንን ለምን ትነግሪዋለሽ?» አለኝ። ስማችሁ አልተጻፈ አልኩት። ደግሞም እንዲህ ያለ ሰው የሚመጣው ያለቀ ሥራ ሊጠብቅ አይደለም። ያላለቀው ነገር ነው የሚስበው። ስለ ደመወዝ አንድም ቃል ያልጻፍኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ብር ቀድሞ ሲመጣ ጥያቄው ሁሉ ስለ ብር ይሆናል።

«በመጀመሪያው ደቂቃ እነግርዎታለሁ» ለማለት ከደንበኛዬ ጋር ቀድሜ መስማማት ነበረብኝ። ስሙ መቼ እንደሚገለጥ ሳይወሰን መልእክት መላክ የለበትም። ሰውየው «ማነው ድርጅቱ?» ሲል «ልጠይቅና ልመለስ» ካልኩ የጋሼ ስልክ ከንቱ ሆነ።

ከሁሉም የለፋሁበት ግን የእሱ መልስ ለጋሼ እንደማይነገር የሚገልጸው መስመር ነው። የጋራ ሰው በር ይከፍታል፤ ግን በሩ ላይ ቆሞ እንደሚያይ ሆኖም ይሰማል። ኃላፊው «እምቢ ብል ጋሼን አሳፍራለሁ» ብሎ ካሰበ፣ ወይም «ሥራ ልቀይር መሆኔን ጋሼ ያውቃሉ» ብሎ ከሰጋ ዝም ይላል። ስለዚህ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ጋሼን ከነገሩ ማውጣት ነበረብኝ።

ሁለት ቀን ምንም የለም። መልእክቱ መነበቡን አይቻለሁ፤ ሁለቷ ምልክት በርታለች። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ለጋሼ ደውዬ «አስታውሱልኝ» ለማለት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ብደውል ኖሮ ከላይ የጻፍኩት ቃል ሁሉ ውሸት ይሆን ነበር።

ዓርብ ግንቦት 29 ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መለሰ። «ሰኔ ሲገባ ፋታ የለኝም። እሁድ 9 ሰዓት ላይ ይደውሉ።» እኔ ሐምሌ ስለው እሱ ራሱ አቀረበው። ጊዜውን አጣብቤበት ቢሆን ኖሮ ይህ የሚሆን አይመስለኝም ብዬ መጻፍ አምሮኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ምክንያቱን ስጠይቀው «ጉጉቴን መቋቋም አልቻልኩም» ነው ያለኝ። ሂሳቡ አልደረሰም የሚለው መስመር ነበር የያዘው።

እሁድ ሰኔ 1 ተነጋገርን። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቢሮዬ ደውለሽ ነበር አይደል?» ብሎ ነው። ጸሐፊው ነግራዋለች። ይቅርታ ጠየቅኩ። የድርጅቱን ስም ነገርኩት። 20 ደቂቃ ያልኩት ንግግር 50 ደቂቃ ሆነ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከባለቤቶቹ ጋር ተገናኘ፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ከቦርዱ ጋር። ሁለቱም ስብሰባ ጥሩ ነበር። መስከረም ላይ ግን አይሆንም አለ። ምክንያቱ የቤት ብድሩ ነው። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው ቤት መሥሪያ በአነስተኛ ወለድ ያበድራሉ፤ ሠራተኛው ሲለቅ ያ ወለድ አብሮት አይሄድም። ቀሪው ዕዳ በገበያ ወለድ ሲሰላ የወር ክፍያው አዲሱ ደመወዝ የሚጨምርለትን አብዛኛውን ይበላዋል። ደንበኛዬ ልዩነቱን ለመሸፈን አሰበበት፤ ቦርዱ አልተስማማም። በእሱ በኩል ደግሞ የባንክ ከፍተኛ ኃላፊ ሹመት በብሔራዊ ባንክ መጽደቅ ስላለበት ምትኩን ማግኘት ወራት ይፈጃል፤ ባንኩን እንዲህ ጥሎ መሄድ ከበደው።

ብድሩን እኔ ቀድሜ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ መልእክት ውስጥ አይደለም፤ የሰው ዕዳ በጽሑፍ አይጠየቅም። እሁድ ዕለት በስልክ ግን ቦታው ነበር። ከባንክ ሰው ስፈልግ አሁን ይህን ጥያቄ ሁለተኛ ንግግር ላይ ሳልደርስ አነሳዋለሁ። ደንበኛዬም ቦርዱን ቀድሞ ያስወስናል። ያን ጊዜ ግን ሦስት ወር ሄደ። ቦታው ላይ የተቀጠረው ሌላ ሰው ነው፤ ኅዳር ላይ ሥራ ጀመረ።

ለጋሼ ምን ልበላቸው? መልሱን ከእኔ እንደማይሰሙ በጽሑፍ ቃል ገብቻለሁ። ዝም ብዬ መጥፋት ደግሞ ነውር ነው፤ ስማቸውን አውሰውኛል። ኃላፊውን ጠየቅኩት። «እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ አመስግኚያቸው» አለኝ።

ለመስቀል ቤታቸው ሄድኩ። ስለ ጉዳዩ አላነሳሁም። «የዛን ዕለት ስለደወሉልኝ አመሰግናለሁ፤ ፍለጋው አልቋል» ብቻ አልኩ። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ቡናው ሲቀርብ ግን «ልጁ ደውሎልኝ ነበር» አሉ። «አንድ ነገር ገርሞታል። እምቢ ካለሽ በኋላ እንኳ እኔ ዘንድ አልደወልሽም።»

ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና በሌላ ጉዳይ ይዤው የመጣሁትን ወረቀት ተቀበሉኝ። ቀይ እስክሪብቶው አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነበር።